ሰማያዊ ጀልባ የሚባል ምግብ ቤት የለም

እህቴ ምግብ ቤት የላትም። ኖሯትም አያውቅም። ማብሰሉን ካነሣን ደግሞ፣ ለሩዝ የሚገባውን ውሃ በመስመሪያ የምትለካ ሰው ናት፤ ሩዙ ግን ሁልጊዜ ያርርባታል። ያም ሆኖ አንድ ሰሞን፣ ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ሰው ምሳ ለማዘዝ እኔ ጋ ይደውል ነበር። እኔ ደግሞ ፀጉር ሠሪ ነኝ።

የመጀመሪያው ደዋይ ድምፁ ወፈር ያለ ሰውዬ ነበር። አንድ እጄ የደንበኛ ፀጉር ውስጥ ነው፤ በሌላው ስልኩን አንሥቼ በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ወሸቅኩት። ሰውዬው በትሕትና፣ የተጠበሰ ዓሣ በሩዝ ሁለት፣ የአትክልት ሾርባ አንድ፣ ሎሚው ለብቻው ይሁንልኝ አለ። ተሳስተዋል አልኩት። ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበልኝ፤ የኔው ቁጥር ነው። ከየት እንዳገኘው ብጠይቀው ከሜኑአችሁ ላይ ነዋ አለኝ፣ ትንሽ ቆጣ ብሎ። ያኔ የማን እጅ እንዳለበት ገባኝ። በቤተሰባችን ውስጥ ሜኑ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። እትዬ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ገጽ ስታቀናብር ኖራለች፤ ጽሑፉ፣ ሥዕሉና ባዶ ቦታው በልክ በልካቸው የሚቀመጡት በእሷ እጅ ነበር። ቤተሰቡ ሚሊሜትር ነው የሚላት። እንግዳ ሆና ሄዳ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ካዘነበለ ጨዋታ አይገባትም፤ ተነሥታ ካላቃናችው እረፍት የላትም። ባሏ፣ በሥራው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ሲያገባት ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ እንደሚለካ ተነግሮት ነው የገባበት። አይከፋውም። እንዲያውም ጫማውን ሁልጊዜ ከግድግዳው ትይዩ አድርጎ ያወልቃል።

ማተሚያ ቤቱን ባለቤቱ ሲያረጁ ማሽኖቹን ሸጠው ዘጉት። እትዬ በአርባ ሦስት ዓመቷ፣ በአንድ ካርቶን ውስጥ መስመሪያዋንና ሻይ መጠጫዋን ይዛ ቤቷ ገባች። ያን ቀን አላለቀሰችም። በሦስተኛው ቀን የኔን የፀጉር ሳሎን መደርደሪያ በቁመት በቁመቱ ስታስተካክል አገኘኋትና ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ታላቅ ወንድማችን፣ ጋሼ የምንለው፣ የወለል ንጣፍ ሸክላና የመታጠቢያ ዕቃ ይነግዳል። ዜናውን እንደሰማ መጣ። የመጋዘን ጠባቂው በሦስት ወር ውስጥ ጡረታ ስለሚወጣ ቦታው የእትዬ እንደሆነ ነገራት። ወንበር አለሽ፣ ጥላ አለሽ፣ የሚጮህብሽ የለም አላት። ጋሼ እንዲህ ነው፤ ሰው ሲወድቅ ከማየት ትራሱን አስቀድሞ ማንጠፍ ይወዳል። እትዬ አመሰገነችው። እሱ ሲሄድ ግን በሩን ዘግታ ነገረችኝ።

“ጋሼ ክፉ አስቦ አይደለም” አለች። “ግን ያን ቁልፍ አንዴ ከያዝኩ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሰው ሸክላ ነው የምቆጥረው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሜ አንድ ወረቀት ላይ አልተጻፈም። አሁን በገዛ ስሜ መሥራት እፈልጋለሁ። ሦስት ወር አለኝ።”

እንግዲህ ሥራው ተጀመረ፤ ተጀመረ ማለት ከተቻለ። አንድ ወረቀት ላይ የምትችለውን ሁሉ ደረደረች። የሠርግ ካርድ፣ የስም ካርድ፣ የቀን መቁጠሪያ፣ መጽሐፍ፣ ማስታወቂያ፣ ሜኑ፣ የመድኃኒት ወረቀት ሳይቀር አሥራ አራት ነገር። ወረቀቱን ይዛ ቢሮ ለቢሮ ዞረች። የትም ስትገባ አንድ ጥያቄ ይጠብቃታል፦ እስኪ የሠራሽውን አሳዪን። የሠራችው ደግሞ የማተሚያ ቤቱ እንጂ የሷ አይደለም። ባለቤቱ አንዲት ቅጂ ከግቢ እንድትወጣ አይፈቅዱም ነበር። ቢፈቅዱስ፣ ሐሳቡን ሌላ ሰው አስቦት እሷ ያቀናበረችውን የኔ ነው ለማለት ምላሷ አይታዘዝላትም። የመጀመሪያው ወር እንዲህ በእግር አለቀ። ጫማዋን ሁለት ጊዜ አስጠገነች።

መላው የመጣው ከኔው ወንበር ላይ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ፀጉሯን የምትሠራ አንዲት የሆቴል ሥራ አስኪያጅ አለች። ቀልድ አታውቅም፤ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ሆና እንኳ ወረቀት ታነባለች። አንድ ሐሙስ እትዬ አሥራ አራቱን ነገር የያዘውን ወረቀቷን ይዛ ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ወረቀቱን ከእጇ ነጥቄ ለሥራ አስኪያጇ ሰጠኋት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

“እኔ ሰው የምፈልገው አንድ ነገር ሲቸግረኝ ነው” አለች እትዬን በመስታወቱ ውስጥ እያየች። “አሥራ አራት ነገር እሠራለሁ የሚል ሰው፣ የቱ ሲቸግረኝ እንደምደውልለት አይገባኝም። አንዱን ምረጪ። ከዚያ ሦስት ሠርተሽ አሳዪ።”

“ያዘዘኝ ሰው የለም እኮ” አለች እትዬ።

“ማን ይዘዝሽ አልኩ? ራስሽን እዘዢ።”

እትዬ ሦስት ቀን አሰበች። እኔ የሠርግ ካርድ አልኳት፤ ወርቃማ ቀለም ስለምወድ። እሱን መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ይሠራዋል አለችኝ። ባሏ ግን አንድ ነገር አስታወሰ። ባለፈው ዓመት ጋሼ ምሳ ሲጋብዘን፣ ሁላችን አዝዘን ምግቡ መጥቶ እሷ ገና ሜኑውን በመስመሪያ ትለካ ነበር። የፊደሉን መጠን፣ የዋጋውን ርቀት ለክታ፣ ሾርባዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አስተናጋጁን ስለ መስመር ክፍተት አስተምራዋለች። ጋሼ በኀፍረት ጠረጴዛው ሥር ሊገባ ነበር። ይህንን ሲነግራት እትዬ ብድግ አለች። ሜኑ፣ ሌላ ምንም አልሠራም አለች። ከአሥራ አራቱ አሥራ ሦስቱን ስትሰርዝ ሰውነቷ ቀለል ሲላት በዓይኔ አየሁ።

ከዚያማ ማን ይቻላት። ምግብ ቤት ፈጠረች። ስሙን “ሰማያዊ ጀልባ” አለችው፤ የዓሣ ቤት። ስምንት ምግብ ብቻ ያለው፣ እያንዳንዱ ስሙ በሁለት ቃል የሚያልቅ። ወረቀቱ ወፍራም፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር፣ ከታች ትንሽ ጀልባ። የማተሚያ ቤቱ የቀድሞ ማሽነኛ ከተሸጡት ማሽኖች አንዱን ገዝቶ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ነበርና አሥራ ሁለት ቅጂ አተመላት። እውነቱን ልናገር፣ ያማረ ነበር። ሳየው ራበኝ። እትዬ አንዱን ከመስታወቴ አጠገብ ሰቀለችው፤ የቀረውን ተራ የሚጠብቁ ሴቶች እንዲያዩት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሴቶቹ አዩት፤ ከዚያም እያጣጠፉ ቦርሳቸው ከተቱት። ከታች ስልክ ቁጥርና አድራሻ አለው፤ ገጹ ሙሉ እንዲመስል ነው ያደረገችው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ፤ አድራሻውም የሳሎኔ ነው።

ጉድ ፈላ። በቀን አራት አምስት ሰው ይደውላል። አንዱ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ አለን ብሎ ለሃያ ሰው ዓሣ አዘዘ። ሌላው ሹፌሩን ላከብኝ፤ ሹፌሩ ሳሎኑ በር ላይ ቆሞ፣ ጭንቅላታቸው በፎጣ የተጠቀለለ ሦስት ሴቶችን እያየ፣ ወጥ ቤቱ ከኋላ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ለባብሰው መጡና የሚቀመጡበትን አሳዪን አሉ። ወንበር ስላልነበረኝ ካስኩ ሥር አስቀመጥኳቸው። ሴትየዋ እግረ መንገዳቸውን ፀጉራቸውን ተሠርተው ሄዱ። ከሰማያዊ ጀልባ ያተረፍኩት ያንን ብቻ ነው።

ደሜ ፈልቶ እትዬ ቤት ሄድኩ። የሆነውን ሁሉ ስነግራት ፊቷ በራ። አመኑ ማለት ነው አለች፤ አምነው ተርበው ደወሉ ማለት ነው አለችና ደስታዋን መደበቅ አቃታት። እኔ እጮሃለሁ፣ እሷ ክንፍ አውጥታለች። ባሏ በመሃላችን ተቀምጦ አንዴ እኔን አንዴ እሷን እያየ ዳቦውን በላ።

ሐሙስ ሥራ አስኪያጇ መጣች። ሜኑውን ከመስታወቴ አንሥታ ገለባበጠችው፤ ቤቱ የት እንደሆነም ጠየቀች። እትዬ በኩራት የትም የለም አለች። እኔ ስለ ደዋዮቹና ስለ ሽማግሌዎቹ ጨመርኩላት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

“እጅሽ ጥሩ ነው” አለች። “ግን ይሄ ምግብ ቤት የለም አይደል? ይህን ካላወቅኩ እታለላለሁ፣ ካወቅኩ ደግሞ ሌላውም ሥራሽ እውነት መሆኑን እጠራጠራለሁ። አናቱ ላይ ጻፊው፣ ናሙና ነው፣ ያዘዘኝ የለም በይ። ሁለተኛ ነገር፤ ስምንት ምግብ፣ አጫጭር ስም፣ የማይለወጥ ዋጋ። ለራስሽ የሚመችሽን ደንበኛ ፈጠርሽ። እኔ ጋ ዘጠና ምግብ አለ፤ ዋጋውም በየወሩ ይለወጣል። እኔን ምን ታደርጊኛለሽ?”

እትዬ ሜኑውን ከእጇ ተቀበለቻት። ቀለሟ ተለወጠ። ሴትየዋ ስትወጣ የቀሩትን ሰማያዊ ጀልባዎች ከጠረጴዛው ላይ ለቃቅማ ካርቶን ውስጥ ከተተቻቸው። ቅስሟ እንደተሰበረ አወቅሁ። ሁለት ቀን ስልክ አላነሣችም። ያን ሰሞን ጋሼ መጥቶ ሌላ ምክር ጨመረ፤ ለትልቅ ሆቴል ነው የሠራሁት በያቸው፣ ማን ያጣራል አላት። እሱ ለማገዝ ነው። እሷ ግን አንድ ሚሊሜትር ያዛነፈች ቀን እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት፤ ይህን ያህል ውሸት የት ታስቀምጠዋለች? አይሆንም አለችው። ሁለት ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

በሦስተኛው ቀን መስመሪያዋን፣ ደብተርና እርሳስ ይዛ ወጣች። የአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት አንድ ምግብ ቤት አለ፤ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ወይም ሊሳፈር ሲል የሚሮጥበት። ሜኑው ሰማንያ ስድስት ምግብ አለው። ላሚኔት የተደረገ፣ በላስቲክ የተለበጠ ነው፤ በላዩ ላይ ዋጋ በተጨመረ ቁጥር ቁራጭ ወረቀት ስለሚለጠፍበት እንደ ቁስል አብጧል። ለእትዬ ከዚህ የባሰ ደንበኛ የትም አይገኝም፤ የመረጠችውም ለዚህ ነው።

ሻይ አዝዛ ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። ሜኑውን አላየችም፤ ሰውን ነው ያየችው። ማን ሜኑውን አንሥቶ አነበበ፣ ማን አስቀመጠው፣ አስተናጋጁን ምን ጠየቁት፣ ሁሉንም በደብተሯ ላይ ሰረዝ እያደረገች ቆጠረች። አስተናጋጁ ጠረጠራት። ከቁጥጥር ነሽ ብሎ ጠየቃት፤ ምላሿን ሳይጠብቅም ጠረጴዛዋን ሦስት ጊዜ ወለወለላት፣ ኋላም የምግብ ቤቱን ባለቤት ጠራት። እሷም እጇን በሽርጧ እያደረቀች መጣች፤ ወፍራም፣ ችኩል፣ ሳቂታ ሴት ናት። እትዬ እውነቱን ነገረቻት። ሥራ ፈላጊ ነኝ፣ ለመማሪያና ለማሳያ የናንተን ሜኑ እንደ አዲስ ልሠራው እፈልጋለሁ፣ ምንም እንድትከፍዪኝ አልፈልግም፣ አልወደውም ካልሽ የቤታችሁን ስም ሰርዤ ነው የማሳየው አለቻት። ሴትየዋ ትከሻዋን ሰብቃ፣ ከፈለግሽ ውሰጂው ብላ አንዱን አሮጌ ሜኑ ሾርባ የፈሰሰበትን ሰጠቻት።

እትዬ ከቆጠረችው አርባ ሰው ሠላሳ አንዱ ሜኑውን ጨርሶ አላነበበም። ምን አለ ብሎ አስተናጋጁን ይጠይቃል፤ አስተናጋጁም እየተነጫነጨ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ይደጋግማል። ለምን እንደሆነ እትዬ በኋላ ደረሰችበት። ከሰማንያ ስድስቱ ግማሽ ያህሉ የለም። ሰዉ አንድ ሁለቴ አዝዞ የለም ሲባል ሜኑው ላይ እምነት አጥቷል። ደግሞ ሁሉም ሰው ሁለተኛ ጥያቄ አለው፤ ቶሎ ይደርሳል ወይ? አውቶቡሱ ስለሚሄድበት ነው። ይህንን የነገረችኝ ደብተሯን እየገለጠች ነው። ከበፊቱ የተለየ ደስታ ነበር፤ ጮክ የማይል።

ከዚያ በኋላ የሠራችው ከሰማያዊ ጀልባ ጋር ሲተያይ ለዓይን ብዙም አይስብም። ጀልባ የለውም። ጠዋት የሚገኘው በአንድ ወገን፣ ከቀትር ጀምሮ ያለው በሌላው። በአሥር ደቂቃ የሚደርሰው ምግብ አጠገቡ ትንሽ ሰዓት ተሥሎበታል። ዋጋው ከምግቡ ስም ራቅ ብሎ በነጥብ ተያይዞ ሳይሆን ከስሙ ቀጥሎ ተጻፈ፤ ዓይን ነጥብ ለነጥብ ሲሄድ መስመር እንደሚስት ለክታ አሳየችኝ። ለመለጠፊያው ቁስልም መላ አገኘች። ሜኑው ግልጽ ላስቲክ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነጠላ ወረቀት ሆነ፤ ዋጋ ሲቀየር ወረቀቱ ብቻ ይታተምና ይተካል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኙትን ምግቦች እንድትሰርዝ የፈቀደላት ስለሌለ አልሰረዘቻቸውም፤ ዛሬ መኖሩን ይጠይቁ በሚል ርእስ ወደ ጀርባው አዛወረቻቸው።

ሲያልቅ ሳሎኔ አመጣችውና ተራ የሚጠብቁ ደንበኞቼን አንድ በአንድ ፈተነቻቸው። አውቶቡስሽ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይነሣል፤ ምን ታዝዣለሽ ትላለች፣ ሰዓቷን ይዛ። አራቱ ሳይቸገሩ መለሱላት። አምስተኛዋ፣ መነጽራቸውን የረሱ ጡረተኛ መምህርት፣ ወረቀቱን አርቀው አቅርበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፍተው፣ በመጨረሻ ሻይ ይበቃኛል አሉ። እትዬ ወረቀቱን ተቀበለቻቸው። በማግሥቱ ፊደሉ አድጎ መጣ፤ መምህርቷ ቤት ድረስ ሄዳ ነው ያስነበበቻቸው።

ሦስተኛው ሥራዋ ለአንድ የጁስ ቤት ግድግዳ የሚሆን ሜኑ ነበር። እሱም ከራሷ የፈጠረችው ነው፤ ቤቱ የለም። በዚህኛው ግን ራሷን አላሞላቀቀችም። ከባንኮኒው ራቅ ብሎ የተሰለፈ ሰው ተራው ሳይደርስ መርጦ መጨረስ አለበት ብላ ደንብ አወጣች። ወረቀቱን የግቢያቸው ግድግዳ ላይ ለጥፋ በርምጃ እየለካች ወደኋላ ሄደች። አሥራ ሁለተኛው ርምጃ ላይ ከልብስ ማጠቢያው ባልዲ ጋር ተጋጭታ ወደቀች። ባሏ ከመኪናው ላይ ሆኖ ሲያያት ነበርና እጁ በሞተር ዘይት እንደቆሸሸ ወርዶ አነሣት። ማሳያውም ሠርቷል፤ ከወደቀችበት ሆና ማንበብ ችላ ነበር።

ሰማያዊ ጀልባንም አልጣለችውም። ስልኬንና አድራሻዬን ከላዩ አወጣች፣ ተመስገን። ሦስቱንም በአንድ አቃፊ አደረገቻቸው። በእያንዳንዱ ሥራ አናት ላይ በትልቁ፣ ይህ ናሙና ነው፣ ያዘዘኝ ደንበኛ የለም፣ በራሴ የሠራሁት ነው ብላ ጻፈች። ከሥሩ ችግሩ ምን እንደነበር፣ ምን እንደቀየረች፣ ለምን እንደቀየረች። የመናኸሪያው ገጽ ላይ የማታውቀውንም ጻፈች፤ የትኛው ምግብ በብዛት እንደሚሸጥ አላውቅም፣ በሁለት ሰዓት ያየሁት ብቻ ነው፣ የቤቱ ባለቤት ብታዝዘኝ መጀመሪያ የምጠይቃት ይህንን ነው አለች። እኔ ይህንን አውጪው አልኳት። ድክመትሽን ለምን ትጽፊያለሽ አልኳት። ከት ብላ ሳቀችብኝና አላወጣችውም። ሽፋኑ ላይ ሙሉ ስሟ አለ። ስሟ የታተመበትን ወረቀት ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደጋግሜ በጣቴ ዳሰስኩት።

ሥራ አስኪያጇ ቢሮዬ ይዘሽው ነይ ያለቻት ቀን፣ ሦስት ወሩ የሞላበት ቀን ሆነ። እትዬ በጠዋት ሄደች። ሁለተኛው ቅጂ እኔ ጋ ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሼ መጣ። የመጋዘኑን ቁልፎች በቀለበት አንጠልጥሎ ይዟል። ነገ ጀምሪ ሊላት ነው፤ የጠባቂው ሽኝት አልቋል። እትዬን ስላጣት ይጠብቃት ዘንድ ተቀመጠ፤ ያ ግዙፍ ሰውነቱ በእግር ማጠቢያው ትንሽ ወንበር ላይ። የሚያደርገው ሲያጣ አቃፊውን አነሣ። መጀመሪያ ሥዕሉን ብቻ ገለበጠ። ከዚያ ወደ መናኸሪያው ገጽ ተመለሰና ጽሑፉን ማንበብ ጀመረ። እኔ ደንበኛ እየሠራሁ በመስታወቱ አየዋለሁ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አርባ ሰው፣ ሠላሳ አንዱ፣ ምን አለ እያሉ የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ። እሱ ራሱ እዚያ ምግብ ቤት ዘወትር ይበላል፤ ሜኑውን አንሥቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ለምን እንደሆነ ሰው ጠይቆት አያውቅም። ራሱንም ጠይቆ አያውቅም።

“ይህን ሁሉ የጻፈችው እሷ ናት?” አለኝ።

እሷ ናት አልኩት። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ታላቅ እህቴን ልጅ ሆና ነው የሚያውቃት፤ እሱ ወንድሟ ሆኖ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምን ስትሠራ እንደኖረች አይቶ አያውቅም ነበር። እሱን እያየሁ ሥራዬን ረሳሁት። የደንበኛዬን ጆሮ በማበጠሪያ ወጋኋት።

እትዬ ስትገባ ፊቷ አይነበብም። ቁጭ አለች። ሥራ አስኪያጇ ሰማያዊ ጀልባን ዘልላ መናኸሪያው ላይ ሩብ ሰዓት እንደቆየች ነገረችን። የማታውቀውን የጻፈችበትን መስመር በጣቷ እያሳየች፣ እኔስ ብቀጥርሽ መጀመሪያ ምን ትጠይቂኛለሽ እንዳለቻት። እትዬም አሥራ አንድ ጥያቄ እንደጠየቀቻት።

“የቁርሱን ሜኑ ሰጠችኝ” አለች። “አንድ ገጽ ነው። አንድ ገጽ ብቻ። ካማራት ሌላውን ትጨምራለች፤ ካላማራት እዚያው ይቀራል።” ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረች፤ ቁልፎቹን አይታቸዋለች። “ጋሼ፣ አንድ ገጽ ሰው እንደማያኖር አውቃለሁ። ግን መጋዘኑን አልገባም። አትቀየመኝ።”

ካስክ ሥር ያለችው ደንበኛ ለመስማት ማሽኑን አጠፋችው። ጋሼ አቃፊውን በጉልበቱ ላይ አስተካከለ። እኔ ቆጣ የሚል መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሲናገር የልጅ ድምፅ ነው ያወጣው።

“እኔ የፈራሁት እጅሽ ባዶውን እንዳይቀር ነው። ይሄን መች አየሁና” አለ። ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ንግድ ሰውነቱ ተመለሰ። “እሺ። እንዲያው ከሆነ የሱቄን ዕቃ ዝርዝር አንቺ ሥሪልኝ። ሸክላው፣ ቧንቧው፣ ሁሉም ይግባበት። በደንብ እከፍልሻለሁ።”

እኔ እሺ በይው እያልኩ በዓይኔ ለመንኳት። ሦስት ወር ስትዞርለት የኖረችው ደንበኛ፣ ከፋይ፣ በእግሩ መጥቶ ፊቷ ተቀምጧል። እትዬ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አሰበች። እውነትም አሰበች፤ ከልቧ ነው ያሰበችው።

“እሱን ማሽነኛው ይሠራልሃል፤ እኔ አገናኝሃለሁ። እኔ የምሠራው ሜኑ ብቻ ነው” አለች።

“ለወንድምሽም?”

“ለወንድሜም።”

ጋሼ አንድ አፍታ አፍጥጦ አያት። ከዚያ ሳቁ ከሆዱ መጣ፤ ወንበሩ እስኪንቋቋ፣ ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ሳቀ፤ ደንበኞቼም ሳቁ፤ እኔ በደስታ ይሁን በንዴት ሳላውቅ አለቀስኩ። ሲበርድለት ቁልፎቹን ኪሱ ውስጥ መልሶ ከተተና፣ አቃፊውን ቤቱ ወስዶ ለሚስቱ ሊያሳያት እንዲፈቀድለት እህቱን ጠየቃት።